ጨብሲ ምንም አይሰብርም

«ጨብሲ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ቃሚ የለም። ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅም የዋለ ሰው ማታ ላይ መጠጥ ይዞ ይቀመጣል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምርቃናው ካልተሰበረ እንቅልፍ የለም»። አዲስ አበባ ውስጥ ይባላል፣ ደሴም ይባላል፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ሮቢትም ይባላል። ችግሩ ግን አባባሉ ውሸት መሆኑ ነው። ጨብሲ ምንም አይሰብርም። አረቄው ከገባ በኋላም ጫቱ በደም ውስጥ አለ፤ ጫቱ ስላለ ደግሞ ከአረቄው አንድ ጠብታ አይቀነስም። የሚሰበረው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው «አሁንስ በቃኝ» የሚልበት ምልክት ነው። ሰው የሚሞተውም በዚሁ ክፍተት በኩል ነው።

ወሎ ጫትን ትናንት አላወቀውም። በሐድራና በዱዓ ቦታ ጫት ከቡና ጋር ለዘመናት ኖሯል። በዚያ ቤት ግን መጠጥ አይገባም፤ የሚቅመው ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት አይጠጣም። በሌላ በኩል ጠላና አረቄ በሚጠጣበት የክርስቲያን ቤት ጫት መቃም ነውር ተደርጎ የሚታይበት ዘመን ረጅም ነበር። ማንም ሐኪም ሳያዝ፣ ማንም ሳያጠናው፣ ሁለቱ ነገሮች በሁለት ቤት ተለያይተው ኖሩ። ዛሬ ያ አጥር ፈርሷል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ የሽንኩርት ደላላው፣ ሥራ ፈትቶ የዋለው ወጣት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቀን ሁለቱንም ቤት ይጎበኛል። ጫቱም አረቄውም የድሮዎቹ ናቸው። አዲሱ ነገር በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሰው ደም ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና መጀመሪያ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ለየብቻ ማየት ይገባል።

ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው ቃሚ ሁሉ ትኩሱን የሚሻው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ የንቃትና የደስታ መልእክተኞችን ያስለቅቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ረሃብና እንቅልፍ ይሸሻሉ፣ ወሬ ይጣፍጣል። ምርቃና የሚባለው ይህ ነው። ጉልበቱ ግን ረጅም ዕድሜ የለውም። ከሰው ሰው ቢለያይም፣ መቃሙ ከቆመ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለው ካቲኖን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደገና ወደ ግማሽ።

አልኮል ተቃራኒው ነው። አንጎልን ከላይ ወደ ታች እያደነዘዘ ይወርዳል። መጀመሪያ ይሉኝታንና ጥንቃቄን ይነካል፤ ሰው ተጫዋች ይሆናል። ቀጥሎ ምላስና እግርን ይይዛል። ቀጥሎ እንቅልፍ ይጥላል። መጠኑ ከዚያም ካለፈ ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ትንፋሽን የሚያዘው ክፍልና ትውከት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጉሮሮን የሚዘጋው ክፍል ነው። ጉበት አልኮልን የሚያስወጣው ደግሞ በራሱ ፍጥነት ነው። መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው በሰዓት ወደ 7 ግራም ገደማ ያስወግዳል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ጫትም ሆነ ሻወር ይህን ፍጥነት አይጨምረውም።

እንግዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ሰው የሚገምተው እንደ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ተቀላቅለው ለብ እንዲሉ ነው። አይሉም። የሚቻቻሉት ስሜቶቻቸው ብቻ ናቸው። አረቄው የሚያመጣውን ድብታ ጫቱ ይገፋዋል፤ ጫቱ የሚያመጣውን መቅበጥበጥ አረቄው ያረግበዋል። ሰውየው «ደህና ነኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ ደህና እንደሆነ ይሰማዋል። ድብታ ግን ጠላት አልነበረም። ዓይን መክበድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ራስ መዘፍዘፍ ሰውነት «አቁም» የሚልበት ቋንቋ ነው። ጫት ያንን ቋንቋ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አረቄውን አያቀለውም።

ይህ የጫት ብቻ ጠባይ አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌን ከአልኮል ጋር ሲሰጥ ምን እንደሚሆን በቤተ ሙከራ ተፈትኗል። ካፌን የጨመሩት ሰዎች የስካር ስሜታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ በደማቸው ያለው አልኮል ግን ያው ነበር፣ የሚሠሩትም ስህተት አልጠፋም። አሜሪካ ውስጥ አልኮልና ካፌን በአንድ ጣሳ ቀላቅለው ይሸጡ ለነበሩ አራት ኩባንያዎች የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2003 ማስጠንቀቂያ የጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ካፌን ይህን ካደረገ፣ ከእሱ የበረታው ካቲኖን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

አንድ ሌሊት በቁጥር ይታይ። ሰውየው ምሳሌ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ጤነኛ፣ ሮቢት አድሮ በማግስቱ ጠዋት የሚነዳ ሾፌር ነው እንበል። ምሳውን በልቶ ከቀኑ 8 ሰዓት መቃም ጀመረ፣ 12 ሰዓት ላይ ገረባውን ጥሎ ተነሣ። እራት አላሰኘውም፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አረቄ ተቀዳለት። መለኪያዋ 40 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፣ አረቄው ከመቶ 40 ንጹሕ አልኮል ነው ብንል፣ በእያንዳንዷ መለኪያ ውስጥ ወደ 12 ግራም አልኮል አለ።

ይህ ሰው ጫት ባይቅም ኖሮ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው መለኪያ ዓይኑ ይከደን ነበር፤ ጓደኞቹም «በቃው» ብለው ያነሡት ነበር። አሁን ግን ምርቃናው ስላለ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያወራል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አሥር መለኪያ ገባ፤ 120 ግራም ማለት ነው። በእነዚህ ሦስት ሰዓታት ጉበቱ ያስወገደው 21 ግራም ብቻ ነው። 4 ሰዓት ላይ 99 ግራም በሰውነቱ ውስጥ አለ፤ የመጨረሻዎቹ መለኪያዎች እንዲያውም ገና ከሆድ ወደ ደም በመግባት ላይ ናቸው።

በዚሁ ሰዓት ጫቱስ? መቃሙ ከቆመ አራት ሰዓት ሆኖታል። ካቲኖኑ ከግማሽ በታች ወርዷል። 5 ሰዓት፣ 6 ሰዓት እያለ ሲሄድ የበለጠ ይወርዳል። አደጋው ያለው እዚህ መገናኛ ላይ ነው። የሚያነቃው ነገር በር ከፍቶ እየወጣ ነው፤ የሚያደነዝዘው ግን ጫፉ ላይ ደርሶ ቤቱን ይዟል። ሲቀመጥ ደህና የነበረው ሰው ድንገት ይወድቃል። ጓደኞቹ «ምርቃናው ተሰበረለት» ይላሉ። የሆነው ግን መጋረጃው ተነሥቶ፣ ከኋላው ሲከማች የቆየው አሥር መለኪያ በአንድ ጊዜ መታየቱ ነው።

አንድ ሰው በዚህ ሁኔታ በጀርባው ተጋድሞ ቢያስመልስ ጉሮሮው ላይዘጋለት ይችላል። ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ትንፋሹ እየራቀ፣ እየሳሳ ሊሄድም ይችላል። ጓደኞቹ በበኩላቸው የሚሰሙት ከባድ ኩርፊያ ነው፤ «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ብለው በር ዘግተው ይሄዳሉ።

ብዙዎቹ ሌሊቶች በሞት አያልቁም፤ ሰውየው ይነሣል። ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከተኛ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ተጨማሪ 56 ግራም ወጥቶ 43 ግራም ገና በሰውነቱ አለ። ሦስት መለኪያ ተኩል ጠጥቶ መሪ እንደመያዝ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚጠራው እኩለ ቀን ላይ ነው። እሱ ግን ራሱ የከበደው ሐራራ መስሎት ጥቂት ቅጠል ይጎርሳል፤ ይነቃል፤ እንደገና «ደህና ነኝ» ይላል። ወደ ወልድያም ሆነ ወደ አላማጣ የሚነዳው ይህ ሰው ነው። ከኋላው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች የሚያዩት የነቃ ሾፌር ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ሦስተኛው እንግዳ ሲገባ ነው፤ ኪኒኑ። አረቄው ምርቃናውን አልሰብር ሲል አንዳንዱ ዲያዜፓም ይውጣል፣ አንዳንዱ ትራማዶል። ሮቢትና ቆቦ በሐምሌ 2013ም በነሐሴ 2014ም ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ እንቅልፍ ያጣ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን ቢሻ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዲያዜፓምና አልኮል አንጎል ውስጥ የሚገፉት አንድ በር ነው። አንዱ ሌላውን ያበረታል፤ ለብቻቸው የማይገድሉ ሁለት መጠኖች አብረው ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ዲያዜፓም ደግሞ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል፤ ትናንት ማታ የተዋጠው ኪኒን ዛሬ ማታ ከአረቄው ጋር ይገናኛል፣ ሰውየው ረስቶታል። ትራማዶል በበኩሉ ከሕመም ማስታገሻነቱ አልፎ የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ትንፋሽ ያቀዘቅዛል፣ መጠኑ ሲበዛ ወይም ከሌላ አነቃቂ ጋር ሲገናኝ ደግሞ እንደ የሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ጫት፣ አረቄና ኪኒን በአንድ ሌሊት ማለት ሦስት ነገር መውሰድ ብቻ አይደለም። አንዱ ሲደብቅ፣ ሁለቱ ተባብረው የሚጎትቱበት ገመድ ነው።

መደባበቁ በሌላውም አቅጣጫ ይሠራል። ጫት በዝቶበት ልቡ የሚደልቅ ሰው፣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው፣ መቀመጥ ያልቻለ ሰው ሰውነቱ «አቁም» እያለው ነው። አረቄ ሲጨምርበት ጭንቀቱ ይረግባል፤ የልቡ ሥራ ግን አይቀንስም። እንዲያውም ልብ በጫቱ ላይ ለአልኮሉም ትሠራለች። በዚያ ላይ የራያ ቆላ ሙቀት አለ፤ አልኮል ሽንት ያበዛል፣ ውኃ ያልጠጣ ሰው ደሙ ይቀንሳል። የረገበ የመሰለ ሰው ደረቱን ይዞ ቢወድቅ «ጠጥቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ መልስ አለ፤ «ስንት ዓመት ተጨብሷል፣ ማን ሞተ?» የሚል። መልሱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ የሞተው ሰው የተቀበረው «ልቡ ቆሞ» ወይም «እንደተኛ ቀረ» ተብሎ ነው፤ በጨብሲ ሞተ የሚል ለቅሶ የለም። ሁለተኛ፣ ልማድ የሚያታልለው ነገር አለ። ዘወትር የሚጠጣ ሰው ስሜቱ አልኮልን ይላመዳል፤ አምስት መለኪያ እንደ ሁለት ይሆንለታል። ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ግን በዚያው ልክ አይላመድም። በሚሰክርበትና በሚሞትበት መጠን መካከል ያለው ርቀት ዓመት በዓመት ይጠባል። የቤት አረቄ ደግሞ ማስታወቂያ ወረቀት አይለጠፍበትም። የዛሬው ጋን ከትናንቱ ሊበረታ ይችላል፤ የሚለካው በምላስ ነው፣ ምላስን ደግሞ ጫቱ አደንዝዞታል። በስሜቱ የሚለካ ሰው ሲለካበት የኖረው ሚዛን የተሰበረ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትክክለኛው መልስ በአንድ ቀን ሁለቱን አለማገናኘት ነው። የቃመ ሰው ምርቃናውን የሚሰብርለት ሰዓት እንጂ አረቄ አይደለም፤ በጊዜ መቃም ማቆም፣ ውኃ መጠጣት፣ ባያሰኝም እራት መብላት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መጋደም። እንቅልፉ ይዘገያል፣ ግን ይመጣል። ይህን የማይሰማ ሰው መኖሩ ደግሞ ግልጽ ነው። ለእሱ ቢያንስ አንድ ነገር ይነገር፤ በስሜትህ አትቁጠር፣ በመለኪያ ቁጠር። «አልሰከርኩም» የሚለው ቃል ጫት በቃመ ሰው አፍ ላይ ምንም ትርጉም የለውም። ሳይቅም ስንት ላይ ያቆም እንደነበረ ያውቃል፤ ቅሞም እዚያው ላይ ያቁም። ኪኒን ከገባ ግን አንድም መለኪያ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ኃላፊነት ያለው አብረው በተቀመጡት ላይ ነው፤ የሰከረው ራሱን ማየት አይችልም። የተኛ ጓደኛ የሚታወቀው ሲቀሰቀስ ነው። ስሙን ጠርቶ፣ ትከሻውን ነቅንቆ፣ የደረቱን አጥንት በጣት አንጓ አሽቶ የማይነቃ ሰው ተኝቶ አይደለም፤ ራሱን ስቷል። ትንፋሹ ይቆጠር። በደቂቃ ከስምንት በታች ከሆነ፣ ወይም በአንዱና በሚቀጥለው ትንፋሽ መካከል አሥር ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም ከንፈሩና የጥፍሩ ሥር ከጠቆረ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም። መኪና ይፈለግና ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይወሰዳል። እስከዚያ በጎኑ ይጋደም፤ የላይኛው ጉልበቱ ታጥፎ፣ አፉ ወደ መሬት ዘንበል ብሎ፣ ቢያስመልስ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ብቻውን አይተው። ውኃ አይደፋበት፣ ቡና አይጋት፣ ጣት ተከቶ አያስመልሱት፤ የሚውጥበት ጉሮሮ አይሠራም። ጫት እንዲጎርስ ማድረግማ መጋረጃውን እንደገና መዝጋት ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ እውነቱ ይነገር። ጤና ባለሙያው ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ወሰደ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት። «ትንሽ ጠጥቶ ነው» ብሎ ኪኒኑን የሚደብቅ ጓደኛ ለክብሩ ያሰበ ይመስለዋል። ባለሙያው ግን ዓይኑ የሰፋና ልቡ የሚፈጥን በሽተኛ አይቶ ስካሩን አሳንሶ ሊገምት ይችላል፤ ጫቱ ያኔም እየደበቀ ነው። የኪኒኑ ባዶ ማሸጊያ ከኪስ ከተገኘ አብሮ ይምጣ።

አረቄ የምትቀዳ ሴትም፣ ግሮሰሪ የከፈተ ሰውም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ጉንጩ አረንጓዴ የሆነ ሰው አሥረኛውን መለኪያ ሲያዝ ቀጥ ብሎ መቀመጡ ለመቅዳት ማስረጃ አይሆንም። ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ስላልሰከረ ሳይሆን ስለቃመ ነው። «ዛሬ ይበቃሃል» ማለት ደንበኛ ያስቀይም ይሆናል፤ የተቀየመ ደንበኛ ግን ነገ ይመለሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬው ሰው። በዚህ ነገር ግን ቅጠሉ ራሱ ነው እሳቱን የሚሸፍነው። ዛሬ ማታ ቅሞ የጠጣ ጓደኛ «እንቅልፌ መጣ» ብሎ ጋደም ካለ በሩ ከመዘጋቱ በፊት በጎኑ ይዙር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም አንድ ሰው ገብቶ ስሙን ይጥራው።